ካሽ ቤዝስ እና አክሩዋል ቤዝስ፦ ባለ ሱቆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ሁለቱ የሒሳብ አያያዞች የሚለያዩት በምንድን ነው?

የሚለያዩት በአንድ ጉዳይ ነው፤ እርሱም አንድ ገቢ ወይም አንድ ወጪ በመዝገብ ላይ የሚሰፍርበት ጊዜ ነው። በጥሬ ገንዘብ ላይ የተመሠረተው አያያዝ፣ በተለምዶ ካሽ ቤዝስ የሚባለው፣ ገቢን የሚመዘግበው ገንዘቡ እጅ ሲገባ ሲሆን ወጪን የሚመዘግበው ደግሞ ገንዘቡ ከእጅ ሲወጣ ነው። እዚህ ላይ ጥሬ ገንዘብ ሲባል በመሳቢያ ያለው ብር ኖት ብቻ ሳይሆን በባንክ ሒሳብ ያለውም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ደንበኛው በባንክ ቢያስተላልፍልዎትም ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ የገባበት ቀን የገቢው ቀን ይሆናል።

በመጠራቀም ላይ የተመሠረተው አያያዝ፣ ማለትም አክሩዋል ቤዝስ፣ የገንዘቡን መግባትና መውጣት አይጠብቅም። ገቢን የሚመዘግበው ዕቃው ለገዢው ተላልፎ ሻጩ ዋጋውን የመጠየቅ መብት ባገኘበት ቀን ነው። ወጪን ደግሞ የተከፈለው ከዚያ በፊትም ይሁን በኋላ፣ ወጪው ባገለገለበት ወር ላይ ያሰፍረዋል።

በእጅ በእጅ ብቻ ለሚሸጥ፣ ዕቃውንም በየዕለቱ ገዝቶ በየዕለቱ ለሚጨርስ ነጋዴ ሁለቱ አያያዞች ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ። ልዩነቱ የሚሰፋው ዱቤ፣ ክምችት፣ ቅድሚያ ክፍያ ወይም ቀብድ ሲኖር ነው፤ አብዛኛው ሱቅ ደግሞ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ አሉት።

አንድ ወር ሙሉ በሁለቱም መንገድ ተሠርቶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገሩም የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ገና ሥራ የጀመረ ሱቅ የመጀመሪያ ወሩን እንደሚከተለው አሳለፈ እንበል። ቁጥሮቹን በየትኛውም የገንዘብ ዓይነት ማንበብ ይቻላል።

ባለቤቱ ከራሱ 100,000 አውጥቶ ሱቁን ከፈተ። የሦስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ 18,000 ከፈለ። የ60,000 ዕቃ አስገባ፤ ከዚህ ውስጥ 40,000 ወዲያውኑ ከፍሎ ቀሪውን 20,000 በሚቀጥለው ወር ለመክፈል ከአቅራቢው ጋር ተስማማ። በወሩ ውስጥ 35,000 በእጅ በእጅ፣ 25,000 ደግሞ በዱቤ ሸጠ፤ ከዱቤው ወሩ ሳያልቅ 5,000 ተሰበሰበለት። ለሠራተኛ 5,000 ደመወዝ ከፈለ። አንድ ደንበኛ በሚቀጥለው ወር ለሚረከበው ዕቃ 4,000 ቀብድ ሰጠው። የወሩ የመብራት ሒሳብ 1,500 መሆኑ ቢታወቅም የሚከፈለው በሚቀጥለው ወር ነው። በወሩ መጨረሻ መደርደሪያው ላይ የቀረው ዕቃ ሲቆጠር በተገዛበት ዋጋ 18,000 ሆነ።

በካሽ ቤዝስ የገባው ገንዘብ 35,000፣ 5,000 እና 4,000 ሲሆን ድምሩ 44,000 ነው። የወጣው ደግሞ ኪራዩ 18,000፣ ለዕቃ የተከፈለው 40,000 እና ደመወዙ 5,000 ሲሆን ድምሩ 63,000 ይሆናል። ባለቤቱ ያስገባው 100,000 መነሻ ካፒታል እንጂ ገቢ ስላልሆነ አይቆጠርም። ስለዚህ መዝገቡ የ19,000 ኪሳራ ያሳያል።

በአክሩዋል ቤዝስ የወሩ ሽያጭ በእጅም በዱቤም የተሸጠው በአንድነት 60,000 ነው። ከገባው የ60,000 ዕቃ 18,000 ስለቀረ የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 42,000 ነው፤ ከሽያጩ ላይ ሲቀነስ 18,000 ጥቅል ትርፍ ይገኛል። ከዚህ ላይ የአንድ ወር ኪራይ 6,000፣ ደመወዝ 5,000 እና መብራት 1,500፣ በድምሩ 12,500 ሲቀነስ የወሩ የተጣራ ትርፍ 5,500 ይሆናል።

ሱቁም ወሩም አንድ ከሆነ 24,500 ልዩነት ከየት መጣ?

ከስድስት ቦታዎች መጣ፤ እያንዳንዱንም በእጅ መነካካት ይቻላል። ከ5,500 ትርፍ እንነሳ። በሽያጭ ተመዝግቦ ገና ያልተሰበሰበ 20,000 ዱቤ አለ፤ ይህ ገንዘብ ደንበኞች ዘንድ ስለሆነ ይቀነሳል። መደርደሪያው ላይ ያለው 18,000 ዕቃ ወጪ ሆኖ አልተያዘም፣ ነገር ግን ተገዝቶ ገብቷል፤ እርሱም ይቀነሳል። ለቀሪዎቹ ሁለት ወራት የተከፈለው 12,000 ኪራይ የዚህ ወር ወጪ ባይሆንም ገንዘቡ ወጥቷል፤ ይቀነሳል። እስከዚህ ድረስ ውጤቱ ከዜሮ በታች 44,500 ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ለአቅራቢው ያልተከፈለ 20,000፣ ያልተከፈለ መብራት 1,500 እና ከደንበኛ የተቀበሉት ቀብድ 4,000 አሉ። ሦስቱም በእጅ የቆየ ገንዘብ ስለሆኑ ይደመራሉ፤ ድምራቸው 25,500 ነው። ከ44,500 ጉድለት ላይ 25,500 ሲመለስ በትክክል 19,000 ጉድለት ይቀራል፤ ይህም የካሽ ቤዝሱ ቁጥር ነው።

ይህንን ማስታረቅ በየወሩ መሥራት እጅግ ጠቃሚ ልማድ ነው እላለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች በዝርዝር ተብራርተው ካልተገናኙ አንድ ነገር ሳይመዘገብ ቀርቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል ማለት ነው፤ የት እንደተሳሳቱም ከስድስቱ መስመሮች አንዱ ይነግርዎታል።

ታዲያ ሱቁ አትርፏል ወይስ ከስሯል?

አትርፏል፤ 5,500 አትርፏል። ካሽ ቤዝስ ያሳየው 19,000 ንግዱ በልቶት የጠፋ ገንዘብ ሳይሆን በአብዛኛው ወደ ዕቃ፣ ወደ ዱቤ እና ወደ ቅድሚያ ኪራይ የተለወጠ ገንዘብ ነው። ማረጋገጫው የሀብትና ዕዳ መግለጫው ነው። በወሩ መጨረሻ በእጅ ከመነሻው 100,000 ላይ 19,000 ሲቀነስ የሚቀረው 81,000 ጥሬ ገንዘብ፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ የሚባለው 20,000 ያልተሰበሰበ ዱቤ፣ 18,000 ዕቃ እና 12,000 አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ አለ፤ ጠቅላላው 131,000 ነው። ዕዳው ለአቅራቢ 20,000፣ ለመብራት 1,500 እና ለቀብድ ሰጪው 4,000፣ በድምሩ 25,500 ነው። ሲቀናነስ የባለቤቱ ድርሻ 105,500 ይሆናል፤ ካስገባው 100,000 በላይ ያለችው 5,500 ትርፉ ናት።

ሆኖም የካሽ ቤዝሱን ቁጥር ከንቱ አድርጎ መጣል ትልቅ ስሕተት ነው። አትርፎ እያለ ለአቅራቢው የሚከፍለው አጥቶ የሚዘጋ ሱቅ አለ፤ ትርፉ በደንበኞች ዱቤና በመደርደሪያ ላይ ተቆልፎ ይቀርበታልና። የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ንግዱ ያዋጣ እንደሆነ ይናገራል፤ የገንዘብ ፍሰቱ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ዕዳ መክፈል ይቻል እንደሆነ ይናገራል። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃም ሪፖርቱ በአክሩዋል ቤዝስ እንዲዘጋጅ ሲያዝ የገንዘብ ፍሰት መግለጫን ለብቻው እንዲቀርብ የሚጠይቀው አንዱ ሌላውን ስለማይተካ ነው።

ካሽ ቤዝስ ሌላም ቦታ ላይ ያሳስታል። በምሳሌያችን የሦስቱ ወር ኪራይ በሙሉ የመጀመሪያው ወር ላይ ስላረፈ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ኪራይ የሌለባቸው ይመስላሉ፤ አራተኛው ወር ሲመጣ ደግሞ እንደገና 18,000 ይጫንበታል። ወሮችን እያነጻጸረ ዋጋ ለመጨመር ወይም ሠራተኛ ለመቅጠር የሚወስን ባለ ሱቅ የሚያነጻጽረው የንግዱን ጥንካሬ ሳይሆን የክፍያ ቀኖችን ይሆናል።

በዱቤ የሸጥኩት ገንዘብ በሚቀጥለው ወር ሲሰበሰብ እንዴት ይመዘገባል?

ወደ አክሩዋል ቤዝስ አዲስ የሚገቡ ሰዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ዕቃው በተሸጠበት ቀን ተሰብሳቢ ሒሳብ በ25,000 ዴቢት፣ ማለትም በግራ ዓምድ፣ ሽያጭ ደግሞ በ25,000 ክሬዲት፣ ማለትም በቀኝ ዓምድ፣ ይጻፋል። ገንዘቡ ሲሰበሰብ ጥሬ ገንዘብ ዴቢት ሆኖ ክሬዲት የሚደረገው ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። ሽያጭ የሚባለው ሒሳብ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ቀን ፈጽሞ አይነካም፤ ገቢው ድሮ ተመዝግቧልና። የሆነው ነገር የደንበኛ ዕዳ ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጡ ብቻ ነው።

ስሕተቱ የሚፈጠረው በሁለተኛው ወር ቀሪው 20,000 ሲገባ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው «ሽያጭ» ብሎ ሲጽፈው ነው። ያን ጊዜ አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ይህንን ለመለየት ሁለት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ደንበኞቹ ከፍለው ሳለ በመዝገቡ ላይ ያለው ተሰብሳቢ ሒሳብ አለመቀነሱ ነው፤ የዱቤ ደብተሩን በስም በስም ደምረው ከተሰብሳቢ ሒሳቡ ቀሪ ጋር ሲያስተያዩት ልዩነቱ 20,000 ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው፣ የጥቅል ትርፉ መጠን ያለ ምክንያት መዝለሉ ነው። በመጀመሪያው ወር ከ60,000 ሽያጭ 18,000 ጥቅል ትርፍ ስለነበረ መጠኑ 30 በመቶ ነው። በሁለተኛው ወር እውነተኛው ሽያጭ 55,000፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋም 38,500 ቢሆን መጠኑ ያው 30 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን በስሕተት 20,000 ከተጨመረበት ሽያጩ 75,000 ሆኖ መጠኑ ወደ 49 በመቶ ገደማ ይወጣል። ዋጋ ሳይጨመር፣ የሚሸጠው ዕቃም ሳይለወጥ ትርፍ እንዲህ አይዘልም።

ደንበኛው ዱቤውን ሳይከፍል ቢቀርስ?

በካሽ ቤዝስ ሽያጩ መጀመሪያውኑ ገቢ ሆኖ ስላልተመዘገበ የሚሰረዝ ነገር የለም፤ ዕቃው የተገዛበት ዋጋም በተከፈለበት ቀን ወጪ ሆኖ አልፏል። በአክሩዋል ቤዝስ ግን ገቢው ተመዝግቦ ስለነበር የማይሰበሰበው ዕዳ በወጪነት ተይዞ ተሰብሳቢ ሒሳቡ በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። ይህ ሳይደረግ ዓመታት ያለፉበት ዱቤ በሀብትነት ተመዝግቦ ከቆየ የሱቁ ሀብት ከእውነቱ በላይ ይታያል። የዱቤ ዝርዝሩን ዕዳው ከቆየበት ጊዜ አንጻር፣ ለምሳሌ እስከ 30 ቀን፣ እስከ 60 ቀን፣ እስከ 90 ቀን፣ ከ90 ቀን በላይ እያሉ መከፋፈል የትኛው እንደሚያጠራጥር በቀላሉ ያሳያል።

ቀብድ በእጄ ገብቶ ሳለ በአክሩዋል ቤዝስ ገቢ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ዕቃው እስኪረከብ ድረስ ገንዘቡ የደንበኛው ስለሆነ ነው። ዕቃውን ማቅረብ ባይችሉ መመለስ ይኖርብዎታል፤ ስለዚህ በዕዳ በኩል ይመዘገባል። ዕቃውን ያስረከቡ ዕለት ከዕዳው ወጥቶ ወደ ሽያጭ ይዛወራል። በካሽ ቤዝስ በተቀበሉበት ቀን ገቢ ሆኖ ስለተያዘ በርክክቡ ቀን የሚጻፍ አዲስ ገቢ የለም፤ ከዋጋው ቀሪ ክፍያ ካለ እርሱ ብቻ ይመዘገባል።

የዕቃ ቆጠራው ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ በአክሩዋል ቤዝስ የአንድ ሱቅ ትርፍ እውነተኛነት በአብዛኛው የቆጠራው እውነተኛነት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ የሚገኘው በወሩ መጀመሪያ በነበረው ዕቃ ላይ የተገዛውን ደምሮ በመጨረሻ የቀረውን በመቀነስ ነው። በምሳሌያችን ቆጣሪው 18,000 ማለት ሲገባው 21,000 ቢል የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ወደ 39,000 ይወርዳል፣ የወሩ ትርፍም ከ5,500 ወደ 8,500 ከፍ ይላል። አንዲት ተጨማሪ ዕቃ ሳይሸጥ 3,000 ትርፍ ተፈጠረ ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር ቆጠራው ትክክል ከሆነ ያ 3,000 ከዚያኛው ወር ትርፍ ላይ ይነሣል፤ ባለቤቱም ያላጠፋውን ጥፋት ሲፈልግ ይውላል።

ሁለት ነገሮችን ብቻ ያጥብቁ። ዕቃው የሚገመተው በተገዛበት ዋጋ እንጂ በመሸጫ ዋጋ አይደለም፤ በመሸጫ ዋጋ ከተገመተ ገና ያልተሸጠ ዕቃ ላይ ትርፍ ይመዘገባል። የተበላሸ ወይም ከተገዛበት ዋጋ በታች ካልሆነ የማይሸጥ ዕቃ ደግሞ ሲሸጥ ሊያስገኝ በሚችለው ዋጋ ይያዛል።

ብድር፣ ለቤት የወሰድኩት ገንዘብና የገዛሁት ማቀዝቀዣስ?

የብድር ገንዘብ ሲገባ ገቢ አይደለም፣ ዋናው ገንዘብ ሲመለስም ወጪ አይደለም፤ ወጪው ወለዱ ብቻ ነው። ለቤት የወሰዱትም የባለቤቱን ድርሻ ይቀንሳል እንጂ የንግዱ ወጪ አይደለም። ይህ በሁለቱም አያያዞች አንድ ነው። ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ግን በአክሩዋል ቤዝስ በአገልግሎት ዘመኑ ተከፋፍሎ የእርጅና ተቀናሽ ይታሰብበታል። ለምሳሌ 24,000 የተገዛና 4 ዓመት የሚያገለግል ማቀዝቀዣ፣ በመጨረሻ ምንም ዋጋ አይኖረውም ከተባለ፣ በየወሩ 500 ወጪ ይሆናል። በጥብቅ ካሽ ቤዝስ ሙሉው 24,000 በተከፈለበት ቀን ያርፋል፤ ይሁንና ብዙ የግብር ሕጎች በካሽ ቤዝስ የሚሠራውንም ነጋዴ እንዲህ ያለውን ዕቃ በየዓመቱ እንዲያከፋፍል ያስገድዳሉ።

የትኛውን ልጠቀም?

በመጀመሪያ ምርጫው የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ለግብር ምን ዓይነት አያያዝ እንደሚፈቀድ የሚወስነው የሚሠሩበት አገር ሕግ ነው፤ በብዙ አገሮች ካሽ ቤዝስ የሚፈቀደው ዓመታዊ ሽያጫቸው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ንግዶች ነው፣ ኩባንያ ሆኖ የተቋቋመ ደግሞ አክሩዋል ቤዝስ እንዲይዝ ሊገደድ ይችላል። ይህንን ከግብር ባለሥልጣኑ ወይም ፈቃድ ካለው የሒሳብ ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕጉ ካሽ ቤዝስን ቢፈቅድልዎትም፣ ዱቤ የሚሸጡ ወይም ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ ክምችት የሚይዙ ከሆነ ለራስዎ ውሳኔ በአክሩዋል ቤዝስ የተሠራ ወርኃዊ ሒሳብ ቢኖርዎት ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ለዚህም መዝገብዎን በሙሉ መለወጥ አያሻም። በየዕለቱ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ እንደ ወትሮው ይጻፉ፤ በወሩ የመጨረሻ ቀን ማታ ደግሞ አምስት ዝርዝሮችን ያዘጋጁ፦ ያልሰበሰቡትን ዱቤ፣ በቆጠራ የተገኘውን ዕቃ፣ አስቀድመው የከፈሉትን፣ ያልከፈሉትን ዕዳና ወጪ፣ እንዲሁም የተቀበሉትን ቀብድ። በእነዚህ አምስት ዝርዝሮች ቀደም ብለን ያሳየነውን ስሌት ገልብጠው፣ ማለትም እዚያ የተቀነሰውን ደምረው የተደመረውን ቀንሰው፣ የካሽ ቤዝሱን ውጤት ወደ ትርፍ መለወጥ ይችላሉ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ግን የሚደመረውና የሚቀነሰው የዝርዝሩ ሙሉ ድምር ሳይሆን ካለፈው ወር የተለወጠው ብቻ ነው፤ ዱቤው ከ20,000 ወደ 26,000 ካደገ የሚታየው 6,000 ነው።

ከካሽ ቤዝስ ወደ አክሩዋል ቤዝስ ስሸጋገር ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

በመሸጋገሪያው ዕለት በሁለቱ አያያዞች መካከል የሚወድቅ ገንዘብ አለ። እስከዚያ ቀን ያልተሰበሰበ 20,000 ዱቤ ቢኖርዎት በካሽ ቤዝስ ገና ገቢ አልሆነም። ከሽግግሩ በኋላ ሲሰበሰብ ደግሞ በአክሩዋል ቤዝስ ደንብ የዱቤ መሰብሰብ እንጂ ሽያጭ ስላልሆነ አሁንም ገቢ አይሆንም። ማስተካከያ ካልተደረገ ያ 20,000 በየትኛውም ዓመት ገቢ ሆኖ ሳይታይ ይቀራል። በተቃራኒው ከሽግግሩ በፊት ተከፍሎ ወጪ የሆነው ዕቃ አሁንም መደርደሪያው ላይ ካለ፣ በኋላ ሲሸጥ እንደገና ወጪ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል።

ስለዚህ አምስቱ ዝርዝሮች በሽግግሩ ዕለት ተሠርተው እንደ መነሻ ሒሳብ ይገባሉ፤ ሀብት የሆኑት ከዕዳዎቹ ጋር ተቀናንሰው የሚተርፈው ልዩነት በዚያ ወር ሽያጭ ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ድርሻ ላይ ይመዘገባል። ይኸው ልዩነት ለግብር በስንት ዓመት ተከፋፍሎ ወይም በአንድ ጊዜ እንደሚታሰብ የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ስለሆነ፣ ዝርዝሮቹን ከነደረሰኞቻቸውና ከቆጠራ ወረቀቱ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፤ ሽግግሩንም በሒሳብ ዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ያድርጉት፤ አንድ ዓመት ግማሹ በአንደኛው ግማሹ በሌላኛው አያያዝ ከተሠራ የዓመቱ ትርፍ በየትኛውም በኩል ሊነበብ አይችልም።